በቆላ ሙቀት ከብት በቀን ስንት ሊትር ይጠጣል? አሰላሉና የገንዳው ንጽህና

ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ክረምቱ መግቢያ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ላይ ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚህ ወቅት "ከብቶቼ በቀን ስንት ጀሪካን ይበቃቸዋል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ "እስኪጠግቡ" የሚል ነው። ውሃው ከበሩ ላይ ለሚፈስለት ሰው ይህ ይበቃል። በአህያ ለሚያስቀዳ፣ ከቦኖ በጀሪካን ለሚገዛ ወይም ስንት በርሜል እንደሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ግን ቁጥር ያስፈልገዋል።

ቁጥሩን ለማግኘት ብዙ ሰው "ላም ይህን ያህል፣ ፍየል ያን ያህል" የሚል ሰንጠረዥ ይፈልጋል። እኔ ሰንጠረዡን ብዙም አላምነውም፤ አንዷ ላም 30 ሊትር ስትጠጣ ሌላዋ ከጎኗ ቆማ 80 ሊትር ትጠጣለችና። የሚሻለው ከሚበሉት መኖ መነሳት ነው። ከብት የሚጠጣው በበላው ደረቅ መኖ ልክ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ልኩን ከፍ ያደርገዋል። ውሃ ያነሰው ከብትም መጀመሪያ የሚቀንሰው መኖውን ነው፤ ወተቱና ሥጋው የሚቀንሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ የሚሆነን በአካባቢው የተለመደ ዓይነት ቤት እንውሰድ። አንዲት በቀን 10 ሊትር የምትታለብ የተዳቀለች ላም፣ ሁለት የሀበሻ በሬዎች፣ አንዲት የሀበሻ ጊደር፣ ስድስት ፍየሎች፣ አንድ አህያና አሥራ አምስት ዶሮዎች አሉ። በሬዎቹ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ይበላሉ። ላሟ ከጭድ በተጨማሪ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ እንዲሁም በቀን 15 ኪሎ ያህል እርጥብ ዝሆኔ ሣር ታገኛለች።

መጀመሪያ ክብደቱን ይገምቱ

ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከብቱ ደልዳላ ቦታ ላይ አራት እግሩን አስተካክሎ ይቁም። ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ወዲያው በስተኋላ፣ ከሻኛው ጀርባ አዙረው የደረቱን ዙሪያ ይለኩ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጨምድደው። ቀጥሎ ከትከሻው ፊተኛ ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመት በጎኑ በኩል ይለኩ። ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁኑ፤ ከዚያ እንዲህ ያስሉ፦

ክብደት በኪሎ = ደረት ዙሪያ × ደረት ዙሪያ × ርዝመት ÷ 10,840

ከበሬዎቹ የአንዱ ደረት ዙሪያ 155፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 155 × 155 × 130 ሲካፈል ለ10,840 ወደ 290 ኪሎ ይመጣል። ላሟ ደረቷ 170፣ ርዝመቷ 145 ከሆነ ወደ 385 ኪሎ ትሆናለች። ግምቱ አሥር በመቶ ያህል ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል፤ መድኃኒት ለመመጠን ሲሆን ያሳስባል፣ ውሃ ለመገመት ግን በቂ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከብቱ ጠጥቶና በልቶ ከጠገበ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ሳይሰማራ ይለኩት።

ቀጥሎ በቀን የሚበላውን ደረቅ መኖ

ደረቅ መኖ ሲባል ውሃው ቢወጣለት የሚቀረው ማለት ነው። ጭድና አገዳ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ደረቅ ነው። እርጥብ ሣር ግን ከአሥር እጅ ስምንት ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ 15 ኪሎ ዝሆኔ ሣር የበላች ላም ከሣሩ ብቻ 12 ሊትር ያህል ውሃ አግኝታለች፤ ደረቅ መኖው 3 ኪሎ ብቻ ነው። አተላ የሚሰጥ ሰውም ይህንኑ ያስብ፤ አተላው ቀጭን ከሆነ አብዛኛው ውሃ ነው።

ምን ያህል እንደሚበላ በየቀኑ መመዘን ካልተመቸ በክብደቱ ይገመታል። ጭድና አገዳ ብቻ የሚበላ ከብት በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ይበላል፤ ጭድ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ከዚያ በላይ እምብዛም አይወስድም። ደህና መኖ የሚያገኝ በማደግ ላይ ያለ ከብት ወደ 2.5 በመቶ ይደርሳል። በደንብ የምትመገብ የምትታለብ ላም 3 በመቶ ትበላለች። በዚህ ስሌት ባለ 290 ኪሎው በሬ 5.8 ኪሎ፣ ባለ 180 ኪሎዋ ጊደር 4.5 ኪሎ፣ ላሟ ደግሞ 11.5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላሉ።

አሁን በሙቀቱ ያባዙት

ለአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ የሚያስፈልገው ውሃ ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። ደጋ ላይ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይበቃል። በ25 ዲግሪ አካባቢ ወደ 5 ሊትር ይወጣል። ቀትሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ለሀበሻ ከብት 6፣ ለተዳቀለ ደግሞ 7 ሊትር ይያዙ። የሀበሻ ከብት ሙቀቱን በተሻለ ስለሚችል በልኩ ይጠጣል። የተዳቀለችው ላም ግን ብዙ ስለምትበላም፣ ሰውነቷ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭም፣ በላብና በማለክለክ የምታጣው ይበዛል።

ለምትታለብ ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት አንድ ሊትር ይጨምሩ፤ ወተት ራሱ ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነውና ከሆዷ የወጣው መተካት አለበት። "ለአንድ ሊትር ወተት ሦስት ሊትር ውሃ" የሚለው የተለመደ ምክር ስህተት አይደለም። ግን ከላይ በመኖው በኩል አብዛኛውን ቆጥረነዋል፤ ሁለቱን ደርቦ ማስላት ቁጥሩን ያለ ምክንያት ያሳብጠዋል።

እንግዲህ ለላሟ 11.5 በ7 ስናባዛ 80 ሊትር ግድም፣ ለወተቱ 10 ስንጨምር 90 ይሆናል። ከዝሆኔ ሣሩ ያገኘችውን 12 ሊትር ስንቀንስ ወደ 78 ይወርዳል፤ 80 ብለን እንያዘው። በሬው 5.8 በ6 ሲባዛ 35 ሊትር ይሆናል፤ ለሁለቱ 70። ጊደሯ 27 ሊትር ትፈልጋለች። በሬዎቹ ሲያርሱ በዋሉበት ቀን እኔ ሩብ ያህል እጨምርላቸዋለሁ፤ ላባቸው ቀንበሩ ሥር ሲንጠባጠብ ያየ ሰው አይበዛም አይልም።

ለትንንሾቹ ይህን ሁሉ ስሌት ማድረግ አያስፈልግም። ባለ 25 ኪሎ ፍየል ደረቅ መኖ እየበላች በዚህ ሙቀት 4 ሊትር፣ የሚሠራ አህያ 15 ሊትር ይበቃቸዋል። ዶሮ በቀዝቃዛ አየር ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ለአንድ ዶሮ የሊትር ሲሶ ይያዙ፤ ለአሥራ አምስቱ 5 ሊትር።

የቤቱን ሁሉ ስንደምር ላሟ 80፣ በሬዎቹ 70፣ ጊደሯ 27፣ ፍየሎቹ 24፣ አህያው 15፣ ዶሮዎቹ 5፤ በጠቅላላው 221 ሊትር ነው። ለሚፈሰው፣ ለሚተነውና ገንዳ ሲታጠብ ለሚደፋው አሥር በመቶ ትንሽ አለፍ አድርገን ብንጨምር ወደ 250 ይደርሳል። ይህ አሥራ ሁለት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ በርሜልና ሩብ። ሦስት ሦስት ጀሪካን የሚጭን አህያ አራት ጊዜ ተመላልሶ እንኳ አይጨርሰውም፤ ከሚያመጣው ላይ ደግሞ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው የራሱ ነው። ጥጃ ካለ እሱንም አይርሱ። ወተት ስለሚጠባ ውሃ አይፈልግም የሚባለው ልክ አይደለም፤ በሙቀት ጊዜ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ንጹሕ ውሃ በተለየ ዕቃ ሊቀርብለት ይገባል።

አሞሌ ወይም ቦሌ የሚልስ ከብት ከዚህ በላይ ይጠጣል። ውሃ ባጠረበት ቀን ጨዉን ማንሳት ይሻላል።

ስሌቱን በገንዳው ያረጋግጡ

ስሌት መነሻ ነው፤ እውነቱ ያለው ገንዳው ላይ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ላለው የሲሚንቶ ገንዳ የሚሆን መለኪያ በእንጨት ይሠራል። የገንዳውን ርዝመትና ስፋት በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። ርዝመቱ 200፣ ስፋቱ 40 ከሆነ 8 ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ውሃ 8 ሊትር ነው ማለት ነው። ቀጥ ያለ ዱላ ላይ በየሴንቲሜትሩ በቢላ ምልክት ያድርጉና ሁልጊዜ እዚያው የገንዳው ቦታ ላይ ያቁሙት። በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ ገንዳ የሆነ እንደሆነ ግን ግድግዳው ክብ ስለሆነ ይህ አይሠራም፤ አንድ ጊዜ በጀሪካን እየሞሉ በየ20 ሊትሩ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ጠዋት ሞልተው ያንብቡ፣ በቀን የጨመሩትን ጀሪካን ይቁጠሩ፣ በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሰዓት እንደገና ያንብቡ። የተነነውን ለመለየት አንድ ባልዲ ውሃ ከገንዳው አጠገብ፣ እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ባልዲው በቀን 7 ሚሊሜትር ከቀነሰ ከላይ የጠቀስነው ገንዳ 5 ወይም 6 ሊትር ተንኖበታል። ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ ብዙ ውሃ የሚጠፋው በመፍሰስና በመርገጥ ነው።

ሦስት ቀን ያህል ከለኩ በኋላ የጠጡትን ከሰሉት ጋር ያስተያዩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ገንዳው ጠዋት ባዶ ሆኖ ከተገኘ የለኩት የሰጡትን ነው እንጂ የፈለጉትን አይደለም። መለኪያው የሚታመነው ጠዋት ላይ ጥቂት ውሃ ሲተርፍ ብቻ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ወንዝ ወርዶ የሚጠጣ ከብትም እንዲሁ ነው፤ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚችለውን ያህል ይጠጣል እንጂ የቀኑን ልክ አይጨርስም። ቦረና ላይ በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ ከዔላ የሚጠጣበት ሥርዓት አለ፤ የቦረና ከብት ይችለዋል፣ ዋጋውን ግን በወተት ይከፍላል። የተዳቀለችን ላም በዚያ መንገድ መያዝ አይቻልም።

ውሃውን ለመከፋፈል ከተገደዱ ሰዓቱን ይምረጡ። ላም ከታለበችና ከበላች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከቀኑ ብዙውን ትጠጣለች፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ከአለባ በኋላ ገንዳው ሙሉ ይሁን። ቀትር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሙሉ። ሌሊቱንም ውሃ ይኑር፤ በሙቀት ጊዜ ከብት ቀን ያልበላውን ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ይበላል፣ የበላ ደግሞ ይጠማዋል።

የጠጡት ከስሌቱ ሲያንስ

የላሟ ስሌት 80 ሊትር ሆኖ በባልዲ ለብቻ ሲለካ 55 ብቻ ጠጣች እንበል፤ ወተቷም ከ10 ወደ 8 ወርዷል። ውሃው አለ፣ ገንዳውም ባዶ አልሆነም። ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ።

አንደኛው የውሃው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር በርሜል ወይም ቆርቆሮ ገንዳ ቀትር ላይ እንደ ሻወር ውሃ ይሞቃል። ከብት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ውሃ ይወዳል፤ ከ30 ሲያልፍ እየጎነጨ ይተወዋል። እጅዎን እስከ ክርንዎ ድረስ ይንከሩ፤ ካልቀዘቀዘዎት ለሷም አይቀዘቅዛትም። መፍትሔው ዳስ ወይም የዛፍ ጥላ ነው። በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለልም ይረዳል፣ ነፋስ ካለ በተለይ። ቀትር ላይ የሚሞላውን ውሃ ደግሞ ጠዋት በማለዳ ቀድተው ጥላ ውስጥ ያቆዩ።

ሁለተኛው መገፋፋት ነው። አንድ ጉልበተኛ በሬ ገንዳው ላይ ቆሞ ሌላውን የሚከለክል ከሆነ ውሃው ኖሮም ላሟ ትጠማለች። ለአንድ ትልቅ ከብት 60 ወይም 70 ሴንቲሜትር የገንዳ ጠርዝ ይድረሰው፤ ካልተቻለ ሁለተኛ መጠጫ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ይህን ለማወቅ ማታ ከአለባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ንጽህና ነው፤ ስለሱ ሰፋ አድርገን እናወራለን።

ውሃ በእርግጥ ያነሰው ከብት ላይ የሚታይ ምልክት አለ። እበቱ ይደርቃል፣ ይደራረባል። አፍንጫው እርጥበቱን ያጣል። ዓይኑ ይጎደጉዳል። አንገቱ ላይ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ሲለቁት ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰና ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቆየ ድርቀቱ ከብዷል። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክና ለሀጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሙቀት ጉዳት ነው፤ ወደ ጥላ አስገብተው ሰውነቱ ላይ ውሃ ያፍስሱ፣ ሐኪምም ይጥሩ።

ለረጅም ሰዓት የተጠማን ከብት፣ በተለይ ጥጃን፣ ሙሉ ገንዳ ላይ አይልቀቁት። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጠጣ ውሃው ወደ ደሙ በፍጥነት ይገባና ቀይ የደም ሕዋሶቹን ይሰብራቸዋል፤ ሽንቱ ቀልቶ ይታያል፣ ሊሞትም ይችላል። ጥቂት ሊትር ሰጥተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩ፣ ከዚያ ይድገሙ።

ገንዳውን ንጹሕ ማድረግ

ከብት ሰው ከሚያስበው በላይ ውሃ መራጭ ነው። እበት የወደቀበትን ውሃ አሽትቶ ይተዋል፤ ምርጫ ሲያጣ ይጠጣል፣ ግን ከሚፈልገው ያነሰ። ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ምክንያቱም ከብቱ ገንዳው ላይ ሲቆም ያየዋል እንጂ ስንት ጊዜ እንደጎነጨ አይቆጥርም።

ስለዚህ ቦታው ይቅደም። ገንዳው ከእበት ክምሩ ቢያንስ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ይራቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ከክምሩ ወደ ገንዳው እንዳይወርድ ከፍ ባለ በኩል ይሁን። ዙሪያውን ድንጋይ ያንጥፉ፤ ጭቃ ከሆነ ከብቱ በእግሩ ጭቃውንና እበቱን ይዞ ይመጣል። የገንዳው ጠርዝ ለትልቅ ከብት ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ይህን ያህል ከፍ ካለ ኋላውን አዙሮ አይጥልበትም፣ እግሩንም አያስገባም። ለፍየሎች ግን ዝቅ ያለ የራሳቸው መጠጫ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ላይ ዘለው ቆመው በጠጣቸውን ይጥሉበታልና። ለዶሮዎች ዕቃውን በጀርባቸው ልክ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ መሬት ላይ ከሆነ እየጫሩ አፈርና ኩስ ይሞሉበታል።

ገንዳ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ እለምናለሁ፦ ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘንብል፣ እዚያ ጥግ ላይ በእንጨት ወይም በጎማ የሚደፈን ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለውን ገንዳ ማንም በየጊዜው አያጥብም። 160 ሊትር በጣሳ ጨልፎ ማውጣት ከባድ ነው፣ ሥራው ለነገ ለነገ እየተባለ ዝቃጩ ጣት ያህል ይወፍራል።

የየቀኑ ሥራ ጥቂት ነው። ጠዋት ከመሙላት በፊት የተንሳፈፈውን ጭድ፣ ላባና ነፍሳት በወንፊት ያንሱ፤ እበት ከወደቀበት በጣሳ ያውጡ፣ ከሟሟ ሁሉንም ይድፉት። የሚደፋው ውሃ ለፓፓያው ወይም ለሎሚው ይሁን። በዚህ ሙቀት በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ገንዳውን ባዶ አድርገው በደረቅ ብሩሽ ይፈግፍጉት። ግድግዳውን በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ ያ ልጋግ ጀርሞች ተጣብቀው የሚኖሩበት ነው። ሞቃት አየርና ፀሐይ ሲገናኙ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላሉ፤ ጥላው እዚህም ላይ ይጠቅማል፣ ብርሃን ሲያንሰው አልጌው አይስፋፋም። አልጌ ለማጥፋት መዳብ ሰልፌት የሚጨምሩ አሉ። በግ በመዳብ በቀላሉ ይመረዛል፤ በግ ከሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩት።

ከፈገፈጉ በኋላ በረኪና ይከተላል፤ በፊት አይደለም። እበትና ልጋግ ባለበት ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ቆሻሻው ላይ ያልቅና ለጀርሙ አይተርፍም። መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበትን በረኪና አንድ የቡና ሲኒ በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ ይበጥብጡ፣ ግድግዳውን በሱ ይቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ያቆዩና አጥበው ይድፉት። ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ያፍናል።

ውሃው ራሱ ከየት መጣ?

ከቦኖ ወይም ከተሸፈነ ጉድጓድ የመጣ ውሃ ከሆነ ዕቃውን ንጹሕ ማድረግ ይበቃል። ከወንዝ ወይም ከኩሬ ከሆነ ግን ከብቱን እዚያ ከመልቀቅ ይልቅ ውሃውን ወደ ገንዳው ማምጣት ይመረጣል። ወንዝ ዳር ረግረግ ላይ የሚጋጥና የሚጠጣ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ትሉ በትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አልፎ ሣሩ ላይ ይጣበቃልና።

አልቅት ደግሞ ከዚያው ውሃ ጋር ይገባል። ትንሽ ሆኖ ይጠጣና አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ደም እየመጠጠ ያድጋል። ከብቱ ራሱን ያራግፋል፣ ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ደም የተቀላቀለ አረፋ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ይከሳል። ለጥቂት ሰዓት አስጠምተው ንጹሕ ውሃ በባልዲ ሲያቀርቡለት አልቅቱ ወደ ውሃው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በሻካራ ጨርቅ አጥብቆ ይዞ መሳብ ይቻላል። ጉሮሮ ውስጥ ከሆነና ትንፋሹን ከከለከለው ግን የሐኪም ሥራ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጀሪካኑ ላይ የታጠፈ ያረጀ ነጠላ አስረው ያጣሩ።

ድፍርስ የወንዝ ውሃን በርሜል ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ ይቅዱ። ከጠለለ በኋላ ለ200 ሊትር በርሜል ያንኑ ባለ 5 በመቶ በረኪና ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨምረው አማስለው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ኩሬው ላይ ነፋስ ወደ አንድ ዳር የገፋው ቀለም የመሰለ አረንጓዴ ስስ ሽፋን ካዩ ግን ማጥለልም በረኪናም አይመልሰውም። ያ ዓይነቱ አልጌ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ከዚያ ውሃ ምንም እንስሳ አይጠጣ።

በርሜሉንም ይጠይቁ። ሽንኩርትና ማሾ በሚዘራበት አካባቢ የፀረ ተባይ ዕቃዎች በየገበያው ታጥበው ይሸጣሉ። ላስቲክ መድኃኒቱን ይመጥጣል፤ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ቀድሞ ምን እንደነበረበት ሻጩ ሊነግርዎ ካልቻለ አይግዙት። የምግብ ዘይት በርሜል ይሻላል፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።

ዶሮ ያለው ሰው በረኪናን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ አለበት። የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ክሎሪን ይገድለዋል። ከክትባቱ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ በዶሮዎቹ ውሃ ላይ በረኪና አይጨምሩ፣ ዕቃውንም በበረኪና አይጠቡ፤ የቦኖ ውሃም ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል ለክትባቱ የጉድጓድ ውሃ ይፈልጉ። የብረት ዕቃ ሳይሆን የላስቲክ ይጠቀሙ። ዶሮዎቹ ክትባቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ አስቀድመው ትንሽ ያስጠሟቸው፤ በዚህ ሙቀት ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት አይለፍ፣ ጊዜውም ማለዳ ይሁን።

ዝናቡ ሲጥል

ሐምሌ ሲገባ ስሌቱን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። አየሩ ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ ማባዣው ከ7 ወደ 5 ይመጣል፤ ሣሩም ለምልሞ ላሟ በቀን 30 ኪሎ እርጥብ ብትበላ 24 ሊትር ውሃ ከሣሩ ታገኛለች። 11.5 በ5 ሲባዛ ወደ 58፣ የወተቱ 10 ሲጨመር 68፣ የሣሩ 24 ሲቀነስ 44 ሊትር ይቀራል፤ ከግንቦቱ ግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። ፍየሎቹ ጤዛ ያዘለ ቅጠል ሲበሉ ቀኑን ሙሉ መጠጫውን ላይነኩ ይችላሉ። ወተቷ ካልቀነሰ፣ እበቷም ካልደረቀ ላሟ በዚህ ወቅት ውሃ ቀነሰች ተብሎ አይሰጋም። ገንዳው ግን ውሃው ሳይነካ ብዙ ስለሚቆምበት ቶሎ ይበላሻል፤ ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልተው ቶሎ ቶሎ ይለውጡት።